«አንጀታቸው ተዘግቷል» ካሉ ለምን ቀዶ ጥገና አያደርጉላቸውም?

የበኩር ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ትናንት ማታ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሕመሙ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ነበር፤ በየአራት በየአምስት ደቂቃው ይመጣና ፊታቸውን አጨማድዶ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ ማስመለስ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የበሉትን፣ ኋላ ላይ አረንጓዴ ፈሳሽ። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ሆስፒታል ስንደርስ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሡና «ቀጭኑ አንጀት ተዘግቷል» ተባልን። ከ11 ዓመት በፊት ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ሆዳቸው መሐል ለመሐል ተከፍቶ ታጥቦ ነበር፤ ከዚያ የተረፈ ጠባሳ ነው ያጣበቀው አሉን።

ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይወስዷቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እነሱ ግን በአፍንጫቸው ቱቦ አስገቡ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሰቀሉ፣ የሽንት ቱቦ አደረጉ፣ ምግብና ውኃ ከለከሉ፤ ከዚያ «እንጠብቃለን» አሉ። የተዘጋ ነገር በመጠበቅ ይከፈታል? ወይስ ቀዶ ሐኪም ስለሌለ ነው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ነገረ ጤና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20

እህቴ፣ አትደንግጪ። አየር ወይም ሰገራ ወጥቷቸዋል? ከወጣ አልተዘጋም ማለት ነው። ካልወጣም ጠንከር ያለ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢሰጣቸው ይጠርገዋል። ዘመዴ እንዲህ ሆኖ በአንድ ሌሊት ተሽሎታል። ቀዶ ጥገና ደግሞ ራሱ ሌላ መጣበቅ ያመጣል፤ ሐኪሞቹ መጠበቃቸው ትክክል ነው።

ቀይ መስመር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ቀዶ ሐኪም ነኝ። አባትሽን ስላላየኋቸው ስለ እሳቸው ሳይሆን በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሕመምተኛ ስለሚታሰበው ነገር ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ወንድሜ ነገረ ጤና ስለጻፈው። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ የፊተኛው ግን ሰው ይጎዳል። አንጀት ላይኛው ክፍሉ ሲዘጋ ከመዘጊያው በታች የነበረው ሰገራና አየር መውጣቱን አያቆምም፤ አንድ ቀን ሙሉ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ሰገራ ወጥቶኛል» ማለት አልተዘጋም ማለት አይደለም። አንጀትን የሚያኮማትር የሚያስቀምጥ መድኃኒት ደግሞ በተዘጋ በር ላይ ሰው እንደ መግፋት ነው፤ ሕመሙን ያባብሳል፣ የተዳከመ ቦታ ካለም ሊበሳ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «የአንጀት መዘጋት» አንድ በሽታ አይደለም። እኛ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ የት ነው የተዘጋው? ምን ዘጋው? ደም እየደረሰው ነው? ከሦስቱ ትልቁ የመጨረሻው ነው። እሱ «አይደርሰውም» ከተባለ የቀሩት ሁለቱ ምንም ቢሆኑ ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል።

ምክንያቱ ለምን እንደሚለይ አስቢው። አንጀቱ ሄርኒያ በምንለው የሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተቀርቅሮ ከሆነ ቀዳዳው በራሱ አይሰፋም፤ መጠበቅ ትርፍ የለውም። ትልቁን አንጀት ዕጢ ዘግቶት ከሆነ ዕጢው በሦስት ቀን አይሟሽሽም። የትልቁ አንጀት የታችኛው ቀለበት ተጠማዝዞ ከሆነ ደግሞ፣ ሕዋሱ ካልሞተ፣ በፊንጢጣ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ ይፈታል፤ ቀዶ ጥገናው ኋላ ይመጣል፣ ምክንያቱም ሲፈታ ብቻ ቢተው ተመልሶ መጠማዘዙ ብዙ ነው። አንዳንዴም ምንም የዘጋው ነገር ሳይኖር አንጀቱ ራሱ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ወይም የፖታሲየም መጠን ሲወርድ የሚደርስ ነው። ያንን ቢላዋ አይፈታውም።

የአባትሽ ዓይነቱ፣ ከቀድሞ ቀዶ ጥገና የተረፈ መጣበቅ፣ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጠባሳው እንደ ክር ወይም እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ አንጀቱን አንድ ቦታ ላይ ያጥፈዋል። በቀን ወደ 8 ሊትር የሚጠጋ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞትና ሌላ ፈሳሽ ወደ ቀጭኑ አንጀት ይወርዳል። መውረጃ ሲያጣ ከእጥፋቱ በላይ ያለው አንጀት ይነፋል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ እብጠቱም እጥፋቱን የበለጠ ያጠብቀዋል። የአፍንጫው ቱቦ ይህን አዙሪት ነው የሚሰብረው፦ ከላይ ሲቀዳ አንጀቱ ይሟሽሻል፣ ይላላል፣ ብዙ ጊዜም ከእጥፋቱ ሸርተት ብሎ ይወጣል። ከእነዚህ ሕመምተኞች አብዛኞቹ፣ በግምት ከአራቱ ሦስቱ፣ ሳይቀደዱ ይድናሉ። ስለዚህ ጥበቃው ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም፤ ሕክምና ነው።

በቱቦው የወረደው መጠን ስንት ሆነ? ሲቲው ምን አለ?

መንገደኛ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ30

እኔም አምስት ቀን ሆኖኛል ሰገራ አልወጣኝም። ሆዴ አላመመኝም፣ እበላለሁ። ለኔም ቀዶ ጥገና ያስፈልገኛል ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40

መንገደኛ፣ እየበላህ፣ ሳያስመልስህ፣ ሆድህ ሳይነፋ ከሆነ ያንተ ድርቀት ነው፤ የእህታችን ጉዳይ ሌላ ነው። ራሱን የቻለ ውይይት ክፈትበትና እዚያ እንመልስልሃለን።

የበኩር ልጅ፣ ዛሬ ሌሊት አንቺ ልትረጂ የምትችይበት ነገር አለ። ቱቦው ከአፍንጫቸው ጋር የተለጠፈበት ቦታ ላይ ምልክት ካለ አስታውሺው፤ ሰው ሲገላበጥ ይንሸራተታል። ወደ ከረጢቱ የሚወርደውን ቀለም እዪ። ሽንታቸውንም ጠይቂ፤ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው ቢያንስ የምንፈልገው። 70 ኪሎ ከሆኑ በሰዓት 35 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ ፈሳሹ አልበቃቸውም። ውኃ ከለከሉን ብለሽ ደብቀሽ አታጠጪያቸው፤ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ማርጠብ ይቻላል።

የበኩር ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦው እንደገባ 1.3 ሊትር አረንጓዴ ፈሳሽ ወረደ፤ ሌሊቱን ደግሞ 700 ሚሊ ሊትር። ፖታሲየማቸው 3.1 ነው ብለው በፈሳሹ ውስጥ ጨመሩላቸው። የሲቲውን ወረቀት ተረኛው ሐኪም አነበበልኝ፦ ቀጭኑ አንጀት 4 ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል፣ በቀኝ በታች በኩል ድንገት የሚጠብበት ቦታ አለ፣ የአንጀቱ ግድግዳ ደም በደንብ ይደርሰዋል ይላል። ሕመሙ ቀንሷል። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ «ጋስትሮግራፊን» የሚባል ነገር በቱቦው ሊሰጧቸው ነው። ይህ ምንድን ነው?

ቀይ መስመር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከ15

ደህና ሐኪም ይዟቸዋል። ጋስትሮግራፊን በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ በውኃ የሚሟሟ ፈሳሽ ነው። ጨጓራው በደንብ ከተቀዳ በኋላ 100 ሚሊ ሊትር ያህል በቱቦው ይሰጥና ቱቦው ለጊዜው ይዘጋል። ከዚያ ከ8 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ራጅ ይነሣሉ። ፈሳሹ በ24 ሰዓት ውስጥ ትልቁ አንጀት ከደረሰ ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚድኑ በጣም ጥሩ ምልክት ነው። ካልደረሰ ወደ ቀዶ ጥገና እየተጠጋን ነው። ጨጓራ ሳይቀዳ የሚሰጥ ከሆነ ግን አደገኛ ነው፤ ቢያስመልሳቸውና ወደ ሳንባ ቢገባ ሳንባን ክፉኛ ያቃጥላል።

ለነገረ ጤናም ፍርድ ልስጥ፦ ይህ ፈሳሽ ውኃ ወደ አንጀት ውስጥ ስለሚስብ ግማሽ ሥራው አንተ ያልከውን ይመስላል። ልዩነቱ አንጀቱን በቀጥታ አለማኮማተሩና በራጅ እያየነው መሄዱ ነው።

ጸደይ 12 | ረቡዕ፣ ጠዋት 5 ሰዓት

ይህን ውይይት እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ 74 ዓመታቸው ነበር፣ ቀጭን ሴት፤ በሕይወታቸው ቢላዋ ነክቷቸው አያውቅም። ማስመለስና የሆድ ሕመም ይዟቸው አንድ ክሊኒክ ሄድን። «የጨጓራ ነው» ብለው መርፌ ወግተው መለሱን። በማግስቱም ሄድን፣ ያው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ልብሳቸውን እስከ ጭናቸው ገለጠችና በብሽሽታቸው እጥፋት ውስጥ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል እብጠት አገኘች። እናቴ እብጠቷን ያውቁ ነበር፤ አፍረው አልተናገሩም። ሲከፈቱ 20 ሴንቲ ሜትር አንጀት ጠቁሮ ነበርና ተቆርጦ ወጣ። ዳኑ፤ ግን ያን ሁለት ቀን አልረሳውም። አባትሽ ሲጠብቁ እንደ እናቴ እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

ቀይ መስመር | ረቡዕ፣ ቀን 7 ሰዓት

ጸደይ፣ የእናትሽ ታሪክ ለሁላችንም ተማሪ ቤት ነው። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የማያውቅ ሰው አንጀቱ ሲዘጋ «ተጣብቋል» ብሎ ከመቀመጥ በፊት ብሽሽት መታየት አለበት። በጭን ሥር የሚወጣው ሄርኒያ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳው ጠንካራ ጠርዝ ስላለው ቶሎ ያንቃል። አንዳንዴ የአንጀቱን ግድግዳ አንዱን ጎን ብቻ ስለሚይዝ ሰገራ እየወጣ እንኳ የተያዘው ቁራጭ ይሞታል።

የበኩር ልጅ፣ የአባትሽ ጉዳይ ግን በዚያ አይለካም። የእሳቸው ምክንያት ይታወቃል፣ አካባቢውም በሲቲ ታይቷል።

የበኩር ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የ8 ሰዓቱ ራጅ ተነሣ። ፈሳሹ ትልቁ አንጀት አልደረሰም፤ ቀጭኑ ውስጥ ነው። «ነገ ጠዋት እንደገና እናያለን» ብለዋል። እሳቸው ደህና ናቸው፣ ቀልድም ቀልደዋል።

የበኩር ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

አንድ ነገር ተለወጠ፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላወቅሁም። ከመሸ ወዲህ በቱቦው የሚወርደው ቆሟል ማለት ይቻላል፤ ከ2 ሰዓት ጀምሮ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ። ያዝ ለቀቅ ያደርግ የነበረው ሕመምም ቀርቷል። አሁን «አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ» ይላሉ፤ ቀኝ ጎናቸውን ይዘው አይላቀቁም።

ነገረ ጤና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10

ተመስገን ነው! ፈሳሹ ከቀነሰ ወደ ታች መሄድ ጀምሯል ማለት ነው። ቁርጠቱም ከቆመ ተከፍቷል።

የሌሊት ተረኛ ነርስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ15

አይደለም፣ አይደለም። ቱቦ መቅዳት ሲያቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው መደፈኑ ነው። ነርሷን ጥሪና 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በሲሪንጅ አስገብታ መልሳ ትሳበው።

ቀይ መስመር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17

የበኩር ልጅ፣ ይህን ማንበብ አቁሚና ተረኛውን ሐኪም አሁኑኑ ጥሪ። ነገ ጠዋት አይባልም። እንዲህ በይው፦ «የሚመላለሰው ሕመም የማያቋርጥ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ላይ ነው።» የልብ ምታቸውን ይቁጠር፣ ሆዳቸውን በእጁ ይዳስስ።

ለሌሎቻችሁ ምክንያቱን ልጻፍ። የሚመላለስ ቁርጠት አንጀቱ ከእጥፋቱ ጋር እየታገለ መሆኑን ይነግረናል፤ ሲያቆም ወይ አሸንፏል ወይ ተሸንፏል። ያሸነፈ ሰው አየር ይወጣዋል፣ ሆዱ ይጎድላል፣ ደስ ይለዋል። የተሸነፈው ሕመሙ ይተከልበታል። ክሩ አንጀቱን ሲያንቅ መጀመሪያ የሚዘጋው ደም መላሹ ሥር ነው፤ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ። ደም ይገባል፣ አይወጣም፣ ግድግዳው በደም ተሞልቶ ያብጣል፤ ከዚያ የሚያስገባውም ሥር ይዘጋል። ከዚህ በኋላ የቀረን ሰዓታት ናቸው።

የበኩር ልጅ | ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ይቅርታ፣ ስልኬን አላየሁም። ቱቦው በእርግጥ ተደፍኖ ነበር፤ ሲታጠብ 400 ሚሊ ሊትር ወረደ። ነገር ግን ሕመሙ አልለቀቀም። የልብ ምታቸው 118 ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ከ90 አልበለጠም ነበር። ሐኪሙ ቀኝ ጎናቸውን ሲነካቸው ጡንቻቸው ራሱ ገትሮ ተነሣ። ነጭ የደም ሴላቸው ከ9 ሺህ ወደ 16 ሺህ ወጥቷል። ላክቴት የሚባለው ግን ደህና ነው አሉ፤ እኔ በዚህ ተስፋ አድርጌ ነበር። ዋናው ቀዶ ሐኪም ከቤት ተጠርተው መጡ፣ አንድ ጊዜ ዳሰሷቸውና «አሁን እንገባለን» አሉ። ሌሊት 8 ሰዓት ገቡ።

ወጥተው የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው። አንድ ክር ብቻ ነበር፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ፣ ከድሮው የትርፍ አንጀት ቦታ ወደ ሆድ ግድግዳ የተወጠረ። ከሥሩ 35 ሴንቲ ሜትር አንጀት ገብቶ ታንቆ ነበር፤ ቀለሙ እንደ ወይን ጠጅ። ክሩን ሲቆርጡት በሙቅ ውኃ በራሰ ጨርቅ ሸፍነው ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ሲገልጡት ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሮዝ መለሰ፣ ተንቀሳቀሰም። አልቆረጡም።

ስፌት | ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም የምቀድድ ሰው ነኝ፤ ከቀይ መስመር ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የድሮዎቹ መምህሮቻችን «በተዘጋ አንጀት ላይ ፀሐይ አይውጣ፣ አይጥለቅ» ይሉን ነበር። እሱ የተጋነነ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለ አንጀት መጣበቅ የወጣው የቦሎኛ መመሪያ 72 ሰዓት መጠበቅ ተገቢ ነው ይላል። ነገር ግን 72 ሰዓት ጣሪያ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ወጣት ሐኪሞች «ገና 40 ሰዓቱ ነው» ብለው ሲተኙ አይቻለሁ። አንድ ቀዶ ጥገና ብቻ የተደረገለት፣ አንድ ቦታ ላይ በድንገት የሚጠብ ሲቲ ያለው ሕመምተኛ አንድ ክር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አንድ ክር ደግሞ በካሜራ በትንሽ ቀዳዳ ተቆርጦ ሊያልቅ ይችላል። እኔ ብሆን የ8 ሰዓቱ ራጅ እንደታየ እገባ ነበር። በቀዶ ጥገና የተፈታ ሰው ሕመሙ የመመለስ ዕድሉም በመጠኑ ያነሰ ነው።

ቀይ መስመር | ሐሙስ፣ ቀን 6 ሰዓት

72 ሰዓት ቀጠሮ አይደለም ባልከው ላይ እጄን አነሣለሁ። በ8 ሰዓቱ ራጅ ግን አልገባም ነበር፤ በ8 ሰዓት ያልደረሰ በ24 ሰዓት ደርሶ ያየሁት ብዙ ነው፤ እነዚያን ሁሉ ብንከፍታቸው ኖሮ ያለ ጥቅም አዲስ ጠባሳ እንሰጣቸው ነበር። የተነፋ አንጀት መሐል በካሜራ መግባትም እንደምናወራው ቀላል አይደለም፤ ስስ ነው፣ ይቀደዳል።

ደም ያጣ ሕዋስ የሚለቀውን ላክቴት በተመለከተ፣ የበኩር ልጅ፣ ተስፋሽን የጣልሽበት ቁጥር ብዙ ሰው ያሳታል። ከፍ ካለ ይነግርሻል፤ ደህና ከሆነ ግን አያረጋጋም። የታነቀው አንጀት ደሙ ስለማይወጣ መርዙ ወደ ሰውነት ገና አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። የእጅ ዳሰሳ ያን ሌሊት ከላቦራቶሪው ቀደመ።

የበኩር ልጅ | እሑድ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ዛሬ አየር ወጣቸው! ሽማግሌ በአየር እንዲህ ሲመሰገን አይቼ አላውቅም። ቱቦውን ለስድስት ሰዓት ዘግተው ምንም ስላላቅለሸለሻቸው አወጡት። ውኃ በጉንጭ በጉንጭ ጀምረዋል።

አንድ ነገር ግን ያብሰለስለኛል። የመጀመሪያውን የሲቲ ወረቀት አሁን ራሴ አነበብኩት። መጨረሻው መስመር ላይ «በአንጀቶቹ መካከል ጥቂት ነጻ ፈሳሽ» ይላል። ያን ቀን ማንም አላነሣልኝም። ያ ምልክት ነበር?

ስፌት | እሑድ፣ ጠዋት 5 ሰዓት

ነበር። እኔ እንዲህ ያለ መስመር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቀይ መስመር | እሑድ፣ ቀን 8 ሰዓት

ጥቂት ፈሳሽ ሳይቀደዱ በሚድኑትም ላይ እናያለን። ብቻውን ከሆነ፣ ግድግዳው ደም እየደረሰው፣ ሆዱ ለስላሳ፣ የልብ ምቱ 90 ከሆነ፣ ማክሰኞ ዕለት እኔም አልገባበትም ነበር። ግን ደጋግሜ እንድዳስሳቸው ያስገድደኝ ነበር፤ በየአራት ሰዓቱ፣ ያው እጅ፣ ያው ሐኪም። ረቡዕ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ማን እንደዳሰሳቸው ታውቂያለሽ?

የበኩር ልጅ | እሑድ፣ ቀን 8 ሰዓት ከ20

ማንም አልዳሰሳቸውም። የተረኛ መቀያየሪያ ሰዓት ነበር።